እግሯን ስታወዛውዝ እግሬን አወዛወዝኩ፦ ሳናውቀው ስለምንቀዳው አቀማመጥና አነጋገር ጥያቄና መልስ

ሁለት ዓመት ሥራዬ የሰዎችን ጭውውት በቪዲዮ እያየሁ ማን መቼ ፊቱን እንደነካ፣ ማን መቼ እንደተደገፈ መቁጠር ነበር። አሰልቺ ነው፤ ግን ካየሁት በኋላ ሰው ሲያወራ ማየት እንደ ድሮው አልሆነልኝም። ጠይቁኝ።

«ጓደኛዬ እጁን ሲያጣምር እኔም አጣምራለሁ። እውነት ከሱ ቀድቼ ነው ወይስ ተገጣጥሞ?»

ከአንድ ጊዜ ተነስቶ ማወቅ አይቻልም። ክፍሉ ከቀዘቀዘ ሁለታችሁም ታጣምራላችሁ፣ ማንም ከማንም አልቀዳም። እኛም ስንቆጥር ትልቁ ራስ ምታታችን ይህ ነበር፤ ሁለቱን ሰዎች አንድ ላይ ካየሃቸው ዓይንህ የሌለ መመሳሰል ይፈጥርልሃል። ስለዚህ የቪዲዮውን ግማሽ እንሸፍናለን፣ የሚቆጥረው ሰው የሚያየው አንዱን ብቻ ነው።

በደንብ የተያዘው ማስረጃ በ1999 ታንያ ቻርትራንድና ጆን ባርግ ያወጡት ነው። አንድ ተሳታፊ ከአንድ ሰው ጋር ተቀምጦ ፎቶዎችን ተራ በተራ ይገልጻል፤ ከዚያ ከሌላ ሰው ጋር ተቀምጦ ያንኑ ይደግማል። ሁለቱም ሰዎች የአጥኚዎቹ ተባባሪዎች ናቸው፤ አንዱ ፊቱን ያሻሻል፣ ሌላው እግሩን ያወዛውዛል። ተሳታፊው ፊት ከሚያሻሸው ጋር ሲሆን ፊቱን አብዝቶ ነካ፣ እግር ከሚያወዛውዘው ጋር ሲሆን እግሩን አብዝቶ አወዛወዘ። ዋናው ነገር የሚወዳደረው ያው ሰው ከራሱ ጋር መሆኑ ነው፤ በተፈጥሮው ፊቱን የሚነካ ቢሆን በሁለቱም ጊዜ ይነካ ነበር። በኋላ ሲጠየቁም ልብ ያሉት ነገር አልነበረም።

«ይሄማ ሚረር ኒውሮን ነው። ዝንጀሮ ላይ ተገኝቷል፣ ነገሩ አለቀ አይደል?»

ግማሹ ልክ ነው። ጣሊያን ፓርማ ውስጥ ተመራማሪዎች ዝንጀሮ አንድ ነገር ሲይዝ የሚነቁ፣ ሌላው ሲይዝ ሲያይም የሚነቁ የአንጎል ሴሎች አግኝተዋል፤ ሚረር ኒውሮን የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ግን ልብ በል፦ ዝንጀሮው ሲያይ እጁ አልተንቀሳቀሰም። ሴሉ ነቃ ማለት ቀዳ ማለት አይደለም። ደግሞ ሴሎቹ ከየት መጡ? ገና በማህፀን የተሰጡን ናቸው የሚሉ አሉ፤ ሕፃን ፈገግ ሲል እናቱ ፈገግ ስትልለት በድግግሞሽ የተያያዙ ናቸው የሚሉም አሉ። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፣ ክርክሩ ግን አልተዘጋም። ሁለቱም ቢሆኑ ለምን አንዱን ሰው ቀድተን ሌላውን እንደምንተው አይነግሩንም።

«አቀማመጡ ገባኝ። አነጋገርስ? ቃል እኮ መርጠን ነው የምንናገረው።»

የመረጥነው ይመስለናል። የምወደው ሙከራ በ1982 ኔዘርላንድ ውስጥ የተሠራ ነው። ለሱቆች ስልክ እየተደወለ መዝጊያ ሰዓታቸው ይጠየቃል። ጥያቄው በሁለት መልክ ነው፤ በአማርኛ ብንለው አንዱ «በስንት ሰዓት ትዘጋላችሁ?» ሌላው «ስንት ሰዓት ትዘጋላችሁ?» እንደማለት። ልዩነቱ አንዲት መስተዋድድ ናት፣ ትርጉሙ ያው ነው። «በ» ያለውን ጥያቄ የሰሙት «በ» ጨምረው የመመለስ ዝንባሌ አሳዩ፣ ያልሰሙት ደግሞ ትተው።

ባለሱቁ የደወለውን ሰው አያውቀውም፣ አያየውም፣ ሊወደድለትም አይፈልግም። ስለዚህ «ለመወደድ ነው የምንቀዳው» የሚለው መልስ እዚህ አይሠራም። የሚሠራው ይሄ ይመስለኛል፦ ሌላውን ለመረዳት የምንነካው የአእምሮ ዕቃና ለመናገር የምናነሳው ዕቃ አንድ ነው። ጥያቄውን ሲሰማ ያ የቃላት አቀማመር ቀድሞ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ አዲስ ከመፈለግ የወጣውን ማንሳት ይቀላል። መወደድ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ ቅጂውን ከፍና ዝቅ ለማድረግ።

«ደንበኞች ጋር በስልክ ነው የምሠራው። ሳላውቀው የሰውየውን ዘዬ እይዛለሁ። አንዴ አንዱ "ታሾፍብኛለህ?" ብሎ ዘጋብኝ። በሽታ ነው?»

አይደለም ወንድሜ። የአነባበብ መቅረብ ብዙ ሰው ላይ ይታያል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን በትንሹ፣ አንዳንድ ድምፆች ላይ ብቻ ስለሆነ ማንም አይሰማውም። አንተ ምናልባት ከሚሰማበት ልክ አልፈሃል። ቅጂ ካልታየ መቀራረብ ነው፣ ከታየ ፌዝ ነው፤ በመካከሉ ብዙ ቦታ የለም። ቃል ላይ ግን ይቅርታው ሰፊ ነው። ኔዘርላንድ ውስጥ አንዲት አስተናጋጅ ትዕዛዙን በደንበኛው ቃል እየደገመች ስትቀበል ጉርሻዋ ከፍ ብሏል። በዘዬ ፈንታ ቃሉን ድገምለት።

(ሌላ አባል፦ «እኔ ግን በተቃራኒው ነኝ። ሰው ሲንቀኝ የራሴ ዘዬ ይብስበታል።»)

ይህም በ1977 ዌልስ ውስጥ ታይቷል። ዌልሽ የሚማሩ ሰዎችን እንግሊዝኛውን በላይኛው መደብ አነባበብ የሚናገር ጠያቂ «የሚሞት ቋንቋ ለምን ትማራላችሁ?» ዓይነት ነገር ሲላቸው፣ ለቋንቋው የሚቆረቆሩት የዌልስ ዘዬያቸውን አወፈሩ። እዚህ አእምሮ ዝም ብሎ የወጣውን አላነሳም፤ ገፋው። «ቅጂ ሁልጊዜ አውቶማቲክ ነው» የሚለውን ስሰማ የማነሳው ይህን ነው።

«ለሥራ ቃለ መጠይቅ ልጠቀምበት። ስንት ሴኮንድ ቆይቼ ልቅዳው?»

ጥያቄው ሳናውቅ ስለምንቀዳው ነበር፣ ይሁን። ከላይ ያልኳቸው ቻርትራንድና ባርግ በሁለተኛ ሙከራ ተባባሪዋ ተሳታፊውን እንድትቀዳ አደረጉ። ምን ያህል እንደወደዷት ከ9 ሲጠየቁ፣ ያልተቀዱት በአማካይ 5.91 ሰጡ፣ የተቀዱት 6.62። ልዩነቱ አለ፣ ግን ሥራ የሚያስገኝ አይመስለኝም። ያችን ሴት ደግሞ አሠልጥነዋታል፤ አንተ እጅህን መቼ እንደምታነሳ ስታስብ ጥያቄው ያመልጥሃል። ሌላም ወጥመድ አለ፦ በ2011 በወጣ ጥናት፣ ንቀት የሚያሳይ ጠያቂን የቀዳ ሰው በተመልካች ዓይን ችሎታው ዝቅ ብሎ ታየ። ሰውየው ሸርተት ብሎ ቢቀመጥም አንተ ቀና በል።

«ካልተያየን ሰውነታችን አይቀዳዳም ማለት ነው?»

ይቀዳዳል፣ በጣም የሚገርመኝም እሱ ነው። ቆመን ሳለን ሳናስተውለው በትንሹ እንወዛወዛለን። በ2003 በወጣ ሙከራ ሁለት ሰዎች ቆመው፣ እያንዳንዳቸው የሚያዩትን ሥዕል ልዩነት በንግግር ይፈልጋሉ፤ ውዝዋዜያቸው ይለካል። እርስ በርስ ሲያወሩ ውዝዋዜያቸው ይበልጥ ተቀራረበ፣ መተያየታቸውም አለመተያየታቸውም ለውጥ አላመጣም። አንድ ክፍል ውስጥ ሆነው እያንዳንዱ ከሌላ ሰው ጋር ሲያወራ ግን መቀራረቡ ቀነሰ። አንዱ ማብራሪያ ስንናገር ሰውነታችን ከቃሉ ምት ጋር ስለሚነቃነቅ፣ ቃላችን ሲመሳሰል ውዝዋዜያችንም ተከትሎ ይመሳሰላል የሚል ነው። ያ እውነት ከሆነ ስልክ ላይ ያለው ባለሱቅም መስተዋድዷን ብቻ አልነበረም የተቀበለው።