የውክልና ማህተም ምን ያረጋግጣል?

«ኮምቦልቻ ቤት ልገዛ ነው። ሻጩ የወንድሙን ውክልና ይዞ መጥቷል፣ ማህተም አለበት። ይበቃል?»

አይበቃም ወንድሜ። ማህተሙ የሚነግርህ ወካዩ በዚያ ቀን ቀርቦ፣ ማንነቱ በመታወቂያ ታይቶ፣ ፈቅዶ ማህተሙን በመታው ቢሮ ሠራተኞች ፊት መፈረሙን ነው። ቤቱ የእሱ መሆኑን፣ ባንክ እንዳልያዘው ከውክልናው ማህተም አታገኝም። ውክልናው ዛሬም መጽናቱንም አይናገርም፤ ወካዩ ሽሮት ወይም ሞቶ ከሆነ ወረቀቱ ያው ነው፣ ስልጣኑ ግን የለም።

መጀመሪያ ጽሑፉን አንብብ። ጠቅላላ ውክልና ብቻውን ለማስተዳደር ነው፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 ቤት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፣ ስለዚህ «እንዲሸጥ» የሚለውን ቃል ፈልግ። ከዚያ ቁጥሩንና ቀኑን ይዘህ ማህተሙን የመታው ቢሮ ሂድ፤ ደሴም ቢሆን ሂድ። ቢሮው ካስቀረው ቅጂ ጋር ያመሳክሩልህ፣ ተሽሮ እንደሆነም ጠይቅ። እዳና እገዳውን ደግሞ ካርታውን የሰጠው ቢሮ አጣራ። እስከዚያ ቀብድ እንዳትከፍል።