የኢላስቲሲቲን ኖት ወደ ማጥኛ መቀየር

«የማይክሮ ኢኮኖሚክስ ኖቴ በጣም በዝቷል፤ ኢላስቲሲቲ ላይ ስደርስ ሁሉም ይደባለቅብኛል። ላሳጥረው ብዬ ስጀምር ያው ኖቱን መልሼ እገለብጣለሁ። ለፈተና የሚሆን ማጥኛ እንዴት ነው የሚሠራው?»

እህቴ፣ የምትገለብጪው የመምህሩን ቅደም ተከተል ስለምትከተዪ ነው። በክፍል ውስጥ ትርጉሙ ዛሬ፣ ቀመሩ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ፣ ከጠቅላላ ሽያጭ ጋር ያለው ግንኙነት ደግሞ ሌላ ሳምንት ይመጣል። ማጥኛሽ ላይ ግን አንድ ቦታ መሰብሰብ አለባቸው።

መጀመሪያ ማጥኛውን ሳትጀምሪ ኖቱን እርሳስ ይዘሽ አንብቢው። በየአንቀጹ ጠርዝ ላይ ስለምን እንደሚያወራ በሁለት ቃል ጻፊ። የምዕራፉን ርዕስ እንደ አንድ ጽንሰ ሐሳብ አትውሰጂው፤ «ኢላስቲሲቲ» ብለሽ አንድ ገጽ ከከፈትሽ ድብልቅልቁ ይቀጥላል። ለብቻው ጥያቄ ሊወጣበት የሚችለው ነገር የራሱን ገጽ ያግኝ፦ የዋጋ ኢላስቲሲቲ፣ የገቢ ኢላስቲሲቲ፣ ክሮስ ኢላስቲሲቲ፣ የዋጋ ኢላስቲሲቲና ጠቅላላ ሽያጭ።

የዋጋ ኢላስቲሲቲን ትርጉም ኖቱን ዘግተሽ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊው፦ ዋጋ በ1 በመቶ ሲለወጥ የሚፈለገው መጠን በስንት በመቶ ይለወጣል? ከዚያ ከኖቱ ጋር አስተያዪው። «በመቶ» የሚለው ከቀረ የጻፍሽው የኢላስቲሲቲን ሳይሆን የስሎፕን ነገር ነው፤ ብዙ ተማሪ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

ምሳሌው ሰፊውን ቦታ ይውሰድ። የአንድ እንጀራ ዋጋ ከ10 ወደ 12 ብር ሲወጣ የሚሸጠው መጠን ከ100 ወደ 90 ወረደ እንበል። መጠኑ 10 በመቶ ቀነሰ፣ ዋጋው 20 በመቶ ጨመረ፤ የመጠኑን ለውጥ በዋጋው ለውጥ ስናካፍል ውጤቱ -0.5። አሁን ከ12 ወደ 10 ተመለሺ፦ መጠኑ በ11.1 በመቶ ሲጨምር ዋጋው በ16.7 በመቶ ይቀንሳል፤ ውጤቱ -0.67 ሆነ። ሁለቱ ነጥቦች ያው ናቸው፤ የተለወጠው የምናካፍልበት መነሻ ነው። የሚድፖይንት ቀመር የመጣው ለዚህ ነው፤ በአማካዩ ያካፍላል፦

```
(-10/95) ÷ (2/11) ≈ -0.58
```

ከእያንዳንዱ መስመር ጎን «ለምን በ95?» ብለሽ መልሱን ጻፊ፦ የ100 እና የ90 አማካይ ስለሆነ። መምህሩ ሰሌዳ ላይ የሚናገረውና ኖት ላይ የማይሰፍረው እንዲህ ያለው ነው።

የጠቅላላ ሽያጭ ገጽ ላይ አዲስ ምሳሌ አትፈልጊ፤ በዚያው ቁጥር ቀጥዪ። 10 × 100 = 1000 ነበር፣ 12 × 90 = 1080 ሆነ። ምልክቱን ትተን ኢላስቲሲቲው ከ1 ስላነሰ፣ ዋጋ ሲጨምር ከሽያጭ የሚገባው ብር ጨመረ። ሁለቱ ገጾች የሚያያዙት በዚህ ነው፤ ጥግ ላይ የገጽ ቁጥር እየጻፍሽ አገናኛቸው።

በማግስቱ ምሳሌውን ሸፍነሽ ቁጥሩን ብቻ ቀይሪና ሥሪው። የትኛው በየትኛው እንደሚካፈል ከጠፋሽ፣ ትርጉሙን ከመሸምደድ ይልቅ በዚያ መስመር ጎን የጎደለውን «ለምን» ጨምሪ።