የልጄ ስልክ ላይ ያየሁት 🔌 እና ❄️ ምን ማለት ነው?

ጥያቄ፦ «ሰላም ለዚህ ቤት። ልጄ 10ኛ ክፍል ነው። ቴሌግራሙን ሳይዘጋ ትቶት ሄዶ አየሁት። ከጓደኞቹ ጋር 💀፣ 🔌 እና ❄️ ይላላካሉ። ፌስቡክ ላይ ደግሞ እነዚህ የአደንዛዥ ዕፅ ምልክቶች ናቸው የሚል ዝርዝር አገኘሁ። እንቅልፍ አጣሁ። የምታውቁ እባካችሁ።»

እህቴ፣ እዚሁ ጎንደር አይሲቲ አስተምራለሁ፤ ያንን ዝርዝር ይዘው የሚመጡ ወላጆች ብዙ ናቸው። መነሻው አሜሪካ ነው። ዲኢኤ የሚባለው የአገሪቱ የፀረ አደንዛዥ ዕፅ መሥሪያ ቤት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2021 ለወላጆች ያወጣው ወረቀት ነው። በዚያ ወረቀት ላይ 🔌 ሻጩ ነው፤ ዕቃውን የሚያገናኝህ ሰው እንደማለት። ❄️ ኮኬይን፣ 🍁 በጥቅሉ ዕፅ፣ 🚀 ደግሞ ኃይለኛ ዕቃ ነው።

ዝርዝሩ ውሸት አይደለም። ችግሩ ሰው ሲቀባበለው ሥዕሎቹን ብቻ ቆርጦ መውሰዱ ነው። ያው መሥሪያ ቤት ራሱ ኢሞጂ ብቻውን የወንጀል ምልክት እንዳይደረግ አስጠንቅቋል። የልጁ ጠባይ ከተለወጠ፣ መልኩ ከተጎሳቆለ፣ ገንዘቡ ድንገት ከበዛ ወይም ካለቀበት ግን ቁጭ ብላችሁ አውሩ ይላል። ይህቺ መስመር ፌስቡክ ላይ አትደርስም።

💀ን ተይው። በሳቅ ሞትኩ ማለት ነው፤ አንዳንዴም ነገሩ አበቃለት። ዛሬ ልጆች 😂 የትልቅ ሰው ሳቅ ነው ብለው ይስቁብናል።

ወደ 🔌 እንምጣ። አንዲት እናት እንዳንቺ ተጨንቀው የልጃቸውን መልእክት ፎቶ አንስተው አመጡልኝ። ጓደኛው ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ «🔌?» ብሎ ልኳል። ልጁ «💀💀 ከጠዋት ጀምሮ» ብሎ መለሰ። ጓደኛው «እዚህ አለ ና፣ ቻርጀር ያዝ» አለው። እናትየው «ና» እና «ያዝ» የሚሉት ላይ ነበር የደነገጡት። ነገሩ መብራት ነው። አንዱ አዘዞ፣ አንዱ ማራኪ ነው ያለው፤ የማን ሰፈር መብራት እንዳለ እየተጠያየቁ ነበር። ❄️ም እዚያው ውይይት ውስጥ ነበረች። የላካት ደባርቅ ዘመዶቹ ጋ የሄደ ልጅ ነው፤ ደባርቅ ያደረ ሰው ደግሞ ብርዱን ያውቀዋል።

እንዴት እርግጠኛ ሆንክ ትይኝ ይሆናል። ምልክቷን ለብቻዋ አላየሁም። ከላይና ከታች ያለውን አነበብኩ፤ ማን እንደላከው፣ በስንት ሰዓት እንደላከው፣ ቀጥሎ ምን እንደተባለ ተመለከትኩ። የልጆቹ ወሬ ወደ ቻርጀር ሄደ። የሽያጭ ወሬ ቢሆን ወደ ዋጋ ይሄድ ነበር።

ሽያጭ ሲሆን መልኩ ሌላ ነው። አብዛኛውን ጊዜ 🔌 የምትገኘው ልጁ በአካል የማያውቀው አካውንት ስም ላይ ነው። ከሥር ኢሞጂዎች እንደ ምግብ ቤት ሜኑ ተደርድረው አጠገባቸው ቁጥር ይኖራል፤ ብር ወይም መጠን። ከዚያ «በውስጥ መስመር አናግረኝ» ይላል፤ ወይም ወደ ሌላ አፕ ይጠራል። ቴሌግራም ላይ ሲሆን ደግሞ መልእክቱ ራሱን እንዲያጠፋ ማድረግ ወደሚቻልበት ሚስጥራዊ ቻት ይወስደዋል። እሱን መለየት ቀላል ነው፤ የሰውየው ስም አረንጓዴ ይሆንና ቁልፍ ይታይበታል። ቁልፉን ስላየሽ ብቻ ግን አትደንግጪ፤ የፍቅር ወሬም እዚያው ነው የሚደበቀው። እንግዳ አካውንት፣ ዋጋ እና የሚጠፋ መልእክት አንድ ላይ ከመጡ ነው ነገሩ የሚከብደው።

ደግሞ እውነቱን እንነጋገር፤ እኛ አገር የወላጅ ራስ ምታት ከኮኬይን ይልቅ ጫትና ሺሻ ነው። ተማሪዎቼ 🌿 ወይም 🍃 ሲጽፉ ጫት ማለታቸው የሆነበት ጊዜ አለ፤ 💨 ደግሞ ሺሻ። እነዚህ ፌስቡክ ላይ ያየሽው ዝርዝር ውስጥ በዚህ ትርጉም አይገኙም። እዚያም ቢሆን ከምልክቷ ይልቅ ሰዓቱና ቦታው ይናገራል። ከምሳ በኋላ «🌿 የት?» የሚለውና ለእንቁጣጣሽ ከአበባ ጋር የተላከው 🌿 አንድ አይደሉም።

እኔን ከዕፁ በላይ የሚያሳስበኝ አንቺ ያልጠየቅሽው ነው፤ የወሲብ ምልክቶቹ። 🍑 መቀመጫ ነው፣ 🍆 የወንድ ብልት፣ 💦 ማብራሪያ አያስፈልጋትም። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ኢንስታግራም የ🍆ን ሃሽታግ ፍለጋ የዘጋው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2015 ነው። 🌽 ግን ብዙ ወላጅ ያመልጠዋል። ቲክቶክ ላይ መጥፎ ቃል በግልጽ ከተጻፈ ቪዲዮው ሊሰረዝ ይችላል። ስለዚህ ልጆች «ፖርን» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በድምፅ በሚመሳሰለው «ኮርን»፣ ማለትም በበቆሎ ተኩት። በእርግጥ ነሐሴ ላይ ፒያሳ ቆሞ እሸት የሚበላ ልጅም 🌽 ይለጥፋል። የበላውን በቆሎ ፎቶ አብሮ ካስቀመጠ ጨርሰሻል።

እዚህ ላይ መለያው ላኪው ነው። እኩዮቹ እርስ በርስ በ🍑 ቢቀላለዱ ብልግና ነው፤ ትገሥጪዋለሽ፣ ያልፋል። የማይታወቅ ትልቅ ሰው በአንዲት ልጅ ፎቶ ሥር 🍑 ጽፎ፣ ቀጥሎ በውስጥ መጥቶ «ፎቶ ላኪ» ካለ ግን የተለየ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ ፎቶው ከተላከ በኋላ ማስፈራራትና ገንዘብ መጠየቅ ይከተላል። እንዲህ ካየሽ መልእክቱን አታጥፊው፤ ከነስሙና ከነሰዓቱ ስክሪንሹት አንሺ። ከዚያ አካውንቱን ሪፖርት አድርጊና ብሎክ አድርጊ። ማስፈራራት ካለበት ስክሪንሹቱን ይዘሽ ፖሊስ ጋ ሂጂ። ልጁን መቆጣት ለኋላ ይቆይ፤ አሁን ከተቆጣሽው ቀጣዩን መልእክት ይደብቅሻል።

ያንቺን ልጅ እንዴት ትጠይቂው? ዝርዝሩን ፊቱ ዘርግተሽ «ይሄ ምንድነው?» ካልሽው ይስቃል ወይም ይዘጋል። ከጓደኞቹ ጋር ያለውን ቻት እንዳየሽ ግን አትደብቂው፤ ክፍት ትቶት ሄዶ እንዳየሽ ንገሪው። ከዚያ 🔌 ያለችበትን መልእክት ራሱ ያንብብልሽ። መብራት ከሆነ ሳያስብ ይነግርሻል፤ እንዲያውም አንቺን ማስተማሩ ደስ ይለዋል። ሲያነብ መስመር ከዘለለ ወይም ላኪውን «አላውቀውም» ካለ፣ ሰውየውን ከየት እንዳገኘው ጠይቂው። ገንዘቡንም ቃኚ። ያልሰጠሽው ብር ቴሌብር ውስጥ ከገባ ወይም የትራንስፖርቱ ቶሎ ቶሎ ካለቀ፣ ከየትኛውም ኢሞጂ የበለጠ ይነግርሻል።

ዝርዝሩን ለማስታወስ አትድከሚ። እናቶች ምልክቷን ካወቋት ልጆቹ በማግስቱ ይቀይሯታል፤ ክፍል ውስጥ ሲቀይሯት አይቻለሁ።

ደግሞ ስክሪንሹቱን እዚህ ግሩፕ ላይ እንዳትለጥፊው። የክፍሉ ግማሽ እናቶች እዚሁ ናቸው፤ ማታ ሳይመሽ ልጁ ጋ ይደርሳል።