«ስለ ቀኑ ዝም በይ» ለተባለችው የፋይናንስ ኦፊሰር

«በአንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት የፋይናንስ ኦፊሰር ሆኜ ከተቀጠርኩ አራት ወሬ ነው። ለለጋሹ የወጪ ተመላሽ ጥያቄ እያዘጋጀሁ ነው፤ 27 ኢንቮይሶች፣ በድምሩ 18,640 ዶላር። ስምምነቱ የሚጀምረው ማርች 1 ነው። የአዳራሽ ኪራዩ ኢንቮይስ (1,150) ግን የተጻፈው ፌብሩዋሪ 26 ነው፤ ሥልጠናው የተሰጠው ማርች 4። የ900 ዶላሩ የመኪና ኪራይም ከሌላ ፕሮጀክት ጋር የጋራ ነው፣ የእኛ ድርሻ 60 በመቶ። ሥራ አስኪያጁ ‹መሸኛ ደብዳቤው ሁለት መስመር ይበቃዋል፣ ስለ ቀኑ ዝም በይ› አሉኝ። ቤተሰቦቼ ‹ባንክ ግቢ› ይሉኛል። ማስተርስም አስቤያለሁ። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ደብዳቤው ይቅደም። እኔ ወደዚህ የምክር ሥራ የመጣሁት ከኦዲት ነው፤ ለወረቀት ማድላቴን ከወዲሁ እወቂልኝ።

ሁለት መስመር ጽፎ መላክ ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል። የለጋሹ የፋይናንስ ሰው ግን ፋይሉን ሲከፍት ቀድሞ የሚያደርገው መደመር ነው። ኢንቮይሶቹን ደምሮ ከጠየቃችሁት ገንዘብ ጋር ያስተያያል። ካልገጠመለት ጥያቄ ይልካል፣ ክፍያው እስክትመልሱ ይቆያል። እናንተ ደግሞ ገንዘቡን ቀድማችሁ ከኪሳችሁ አውጥታችኋል።

አሁን ወደ ቀኑ። ሥራ አስኪያጅሽ የፈሩት ነገር ጨርሶ የሚያስፈራ ላይሆን ይችላል። ብዙ ስምምነቶች የሚያዩት ኢንቮይሱ የተጻፈበትን ቀን ብቻ አይደለም፤ አገልግሎቱ መቼ ተሰጠ የሚለውንም ያያሉ። አዳራሹን የተጠቀማችሁት ማርች 4፣ በስምምነቱ ጊዜ ውስጥ ነው። አንዳንድ ለጋሽ ግን ክፍያውም ከማርች 1 በኋላ መፈጸም አለበት ይላል፤ ወይም ቀድሞ የወጣ ወጪ የጽሑፍ ፈቃድ ይፈልጋል። ስለዚህ ስምምነቱን አውጪና ተቀባይነት ስላለው ወጪ የሚናገረውን አንቀጽ አንብቢ። ካልጠራልሽ ለለጋሹ ዛሬውኑ በኢሜይል ጠይቂ፤ መልሱን ከጥያቄው ጋር አያይዢው። በስልክ «ችግር የለውም» መባል ለኦዲተር ምንም አይደለም።

እሺ ካሉሽ ደብዳቤው ላይ እንዲህ ብለሽ ጻፊው፦

«ከተያያዙት 27 ኢንቮይሶች ድምር 18,640 ዶላር ውስጥ 18,280 ዶላር እንዲተካልን እንጠይቃለን። የ360 ዶላር ልዩነት የመጣው በተራ ቁጥር 14 ያለው የ900 ዶላር የመኪና ኪራይ ከሌላ ፕሮጀክት ጋር የጋራ በመሆኑ፣ ለዚህ ፕሮጀክት 60 በመቶው (540 ዶላር) ብቻ ስለተመዘገበ ነው። በተራ ቁጥር 9 ያለው የአዳራሽ ኪራይ ኢንቮይስ የተጻፈው ፌብሩዋሪ 26 ቢሆንም ሥልጠናው የተሰጠው ማርች 4 ነው፤ የተሳታፊዎች የፊርማ ዝርዝርና የኢሜይል ማረጋገጫው ተያይዟል።»

እምቢ ካሉ 1,150ውን ቀንሺና 17,130 ጠይቂ። የቀረውን ድርጅቱ ከራሱ ገንዘብ ይሸፍን። ቀኑን ማስቀየር የሚባል ነገር ግን እንዳታስቢው፤ ያ ፎርጅድ ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

በደብዳቤው ላይ ከጻፍኩልሽ አንቀጽ በፊት የስምምነቱ ቁጥር፣ ወጪው የሚሸፍነው ጊዜና ጥያቄው ስንተኛ እንደሆነ ይግባ። የባንክ ሂሳቡ ቁጥር ስምምነቱ ላይ ካለው ጋር አንድ ይሁን። በደብዳቤው ላይ «ተራ ቁጥር 14» ካልሽ፣ ኢንቮይሱ ራሱ ላይ በእጅሽ 14 ብለሽ ጻፊበት። ይቺን ነገር ስንቱ ይዘነጋታል! የመኪናውን ዋናውን ኢንቮይስ ከፋይል አውጪና 60 እና 40 ብለሽ ከሁለቱ ፕሮጀክቶች ኮድ ጋር አስፍሪበት። ካለዚያ ነገ ሌላ ሰው ሙሉውን 900 ለሌላኛው ለጋሽ ይልከዋል። አንድ ወጪ ሁለት ጊዜ ተጠየቀ ማለት ነው።

«ዝም በይ» ለሚለው፣ ደብዳቤውን ማን እንደሚፈርም እይ። በአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ገንዘብ ለምሳሌ፣ ድርጅቱን በሕግ ሊያስገድድ የሚችል ኃላፊ መረጃው እውነተኛ፣ የተሟላና ትክክል ነው ብሎ ይፈርማል። ፊርማው የሥራ አስኪያጅሽ ከሆነ ኃላፊነቱም የእሳቸው ነው። ይህን ስታሳዪያቸው የሁለት መስመሩ ነገር ሊቀዘቅዝ ይችላል። ባይቀዘቅዝም ረቂቅሽን በኢሜይል ላኪላቸው፣ እንዲቀነስ የሚፈልጉትንም በጽሑፍ ይመልሱልሽ። እንዲህ ያለው ነገር በየጥያቄው የሚደጋገም ከሆነ ግን ሌላ ሥራ መፈለግ ጀምሪ።

ባንኩን በተመለከተ፣ ቤተሰቦችሽ የሚያዩት ደመወዙን ብቻ ነው። እነሱ አይሠሩልሽም። ደመወዙ የሚበልጠው በስንት እንደሆነ በቁጥር ይንገሩሽ፤ ቤቱን የምታስተዳድሪው አንቺ ካልሆንሽ ልዩነቱ ብቻውን አያስወጣሽም። ማስተርሱ ይቆይ። አንድ የለጋሽ ኦዲት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ካሳለፍሽ በኋላ ምን መማር እንዳለብሽ ራስሽ ታውቂዋለሽ።