ወንበር ላይ የሚመጣ ኪሎ

የወንድሜ ልጅ ባንክ ነው የምትሰራው፣ ባለፈው ቡና ላይ "አጎቴ፣ ምሳ እንኳን ድሮ ከምበላው አልጨመርኩም፣ ታዲያ ቀሚሴ ለምንድነው የሚጠበኝ?" አለችኝ። የድሮ ተላላኪያችን ትዝ አለኝ።

እኔ ሂሳብ ክፍል ነበርኩ፣ እሱ ደግሞ ከምድር ቤቱ መዝገብ ቤት እስከ አራተኛ ፎቅ ፋይል ተሸክሞ ሲወጣ ሲወርድ ነው የሚውለው፣ ሊፍቱ ከሚሰራበት የሚቆምበት ቀን ይበዛ ነበር (አንዴማ ሥራ አስኪያጁን ይዞ ቆሞ... ተዉት፣ ሌላ ወሬ ነው)። ምሳ ከማናችንም በላይ ይበላል፣ ሻዩ በሦስት ማንኪያ ስኳር ነው፣ ቀበቶው ግን ንቅንቅ አይልም። ማታ ማታ ተምሮ ዲፕሎማውን ሲይዝ መዝገብ ያዥ እንዲሆን የድጋፍ ደብዳቤ ፃፍኩለት። ወንበር አገኘ። ምግቡም ያው ሻዩም ያው፣ ሱሪው ግን በየጊዜው ልብስ ሰፊ ጋር እየሄደ ይሰፋል፣ እኛም "ተመቸህ!" እያልን እንስቃለን። ጡረታ ሲወጣ እነዛን ደረጃዎች መሀል ላይ ሳያርፍ አይወጣም ነበር። ደብዳቤውን ዛሬም እፅፍለታለሁ፣ የሚቆጨኝ ያ ሳቃችን ነው።

እስቲ ልደምረው፣ የሂሳብ ሰው ነኝና። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው አንድ ኪሎሜትር ሲራመድ ከተቀመጠው ወደ 35 ካሎሪ ይበልጥ ያወጣል፣ ያ ባለ ሦስት ማንኪያ ሻይ ስኳሩ ብቻ ከዛ ይበልጣል። በቀን 5 ኪሎሜትር ይሄድ ነበር ብንል ወደ 175 ካሎሪ በአንድ ደብዳቤ ቀረ ማለት ነው። አንድ ኪሎ ስብ ደግሞ ወደ 7,700 ካሎሪ ስለሆነ፣ በየቀኑ 20 ብቻ ቢተርፍ በዓመት ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል። ሰውነት ሲከብድ ወጪውም ስለሚጨምር በዚሁ ፍጥነት አይቀጥልም እንጂ።

ለንደን ውስጥ በ1950ዎቹ ጄሪ ሞሪስ የሚባል ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚቀመጡትን ሹፌሮችና ደረጃ የሚወጡ የሚወርዱትን ትኬት ቆራጮች አወዳደረ፣ የዩኒፎርም ልካቸው ሲታይ የሹፌሮቹ ወገብ ሰፋ ያለ ነበር። ግን ገና ወጣት የሆኑት ሹፌሮችም ሰፋ ያሉ ስለነበሩ ሁሉንም በወንበሩ ላይ ማላከክ አይቻልም።

እናንተ ደግሞ ሁለት ጠረጴዛ አልፎ ለተቀመጠ ሰው ቴሌግራም ትልካላችሁ! ተነስታችሁ ሂዱ፣ ስልክ ቆማችሁ አውሩ፣ ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድማችሁ ውረዱ። ደረጃም ውጡ፣ እኔ በጉልበቴ ምክንያት ሊፍት ነው የምጠቀመው፣ እኔን አትዩ። ይሄ የሚጨምረውን ለማቆም ነው የሚጠቅመው፣ የተከማቸውን ለማውረድ ምግቡም ካልተነካ ይከብዳል፣ የተራመደ ሰው ይርበዋልና።

ሚዛን በየቀኑ አትውጡ፣ በውሃና በጨው ብቻ አንድ ሁለት ኪሎ ይወዛወዛል። በወር አንዴ ጠዋት ሳትበሉ እምብርታችሁ ላይ በሜትር ለኩ። የፋሲካ ሰሞን ግን ይቅርባችሁ፣ ዶሮው ገና ከሆድ አልወረደም።