የደመወዝ ስኬልን ለሥራ አስኪያጆች ማሳጠር፦ ጥያቄና መልስ

ከኮምቦልቻ፦ ጋሼ፣ የፋብሪካችንን የደመወዝ ስኬል በባንድ አጠቃለህ ለሥራ አስኪያጆች መነሻና ጣሪያውን አምጣ ተባልኩ። ከየት ልጀምር?

አብሽር። የአመራር ደረጃዎቹን ብቻ ለይ። የመምሪያ ኃላፊዎች ከ12 እስከ 14 ናቸው እንበል። ደረጃ 12 ከ14,000 ተነስቶ 19,500 ላይ ያልቃል። 13 ከ15,600 እስከ 21,600 ነው። 14 ደግሞ ከ17,400 እስከ 24,000። ሦስቱን አንድ ባንድ ስታደርጋቸው መነሻው የ12፣ ጣሪያው የ14 ይሆናል፤ ከ14,000 እስከ 24,000 ማለት ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ጣጣው የሚመጣውም ከዚሁ ነው። ደረጃ 12 ላይ ያለ ኃላፊ ወረቀቱን አይቶ «24,000 እደርሳለሁ» ይላል። ደረጃው ካልተለወጠ አይደርስም፤ 19,500 ላይ ይቆማል። ስለዚህ ከባንዱ ሥር የየደረጃውን ጣሪያ ለብቻው ጻፍ። አበል እንዳትቀላቅል፤ ስኬሉ ያልተጣራ ደመወዝ ብቻ ነው።

ከሐይቅ፦ የእኛ የመምህራኑስ ስንት ባንድ አለው?

የመምህራን ስኬል ለብቻው ነው። ዛሬ እሱን አላነሳም።

ከወልዲያ፦ በኤክሴል ሠራሁት፣ መነሻው ግን 0 ይላል። ምን አጠፋሁ?

ይኼ ጥሩ ጥያቄ ነው። ቢ ላይ የባንዱ ስም፣ ሲ ላይ መነሻው ካለ ፎርሙላው ይኼ ነው፦

```
=MINIFS(C:C,B:B,"መካከለኛ")
```

0 ካመጣ ወይ የባንዱ ስም አልገጠመም፣ ወይ ቁጥሮቹ ከፒዲኤፍ ሲገለበጡ ጽሑፍ ሆነዋል። ከስሙ ኋላ የተረፈች ባዶ ቦታም ትበቃለች። 0 ሲመጣ ግን ደስ ይበልህ፣ ስህተቱ ይታያል። የሚያስፈራው አንዱ ብቻ ጽሑፍ ሲሆን ነው። የ12 መነሻ ጽሑፍ ከሆነ ፎርሙላው ዘሎት 15,600 ይሰጥሃል፤ ማንም አይጠረጥርም። `=COUNT(C:C)` ብለህ ቁጥሩን ከደረጃዎቹ ብዛት ጋር አስተያይ። ካነሰ የተዘለለ አለ።

ከደሴ፦ በነገራችን ላይ፣ ዕድገት ያገኘ ሰው ሁልጊዜ ከአዲሱ ደረጃ መነሻ ነው የሚጀምረው።

ከኮምቦልቻ፦ ኧረ ወላሂ አይሆንም! 16,800 የሚበላ ሰው ከ12 ወደ 13 አድጎ ወደ 15,600 ሊወርድ ነው?

ደመወዙ ከአዲሱ መነሻ በታች ከሆነ የደሴው ልክ ነው። በላይ ከሆነ ግን ቀጥሎ ያለው እርከን ላይ ማስቀመጥ የተለመደ ነው። የድርጅታችሁን መመሪያና የኅብረት ስምምነቱን እዩ።

ከደሴ፦ የእኛ መሥሪያ ቤት መመሪያ እንደዚያ አይልም።

ከኮምቦልቻ፦ አንብበኸዋል?

ከቦሩ ሜዳ፦ ይቅርታ፣ ዘግይቼ ገባሁ። የቤት አበሉን ጣሪያው ላይ ልደምረው?

አትደምር ብያለሁ! ከላይ አንብቢ።

ከወልዲያ፦ ጋሼ፣ ቆጠርኩት። ደረጃው 3፣ ቁጥሩ 2 ነው።

0 ያመጣብህ የባንዱ ስም አለመግጠሙ ነው፤ መጀመሪያ እሱን አስተካክል። ከዚያ የጎደለውን ቁጥር ፈልግ። ኮማ ወይም ባዶ ቦታ ያለበት ሳጥን ነው የሚሆነው። ሰርዘህ በእጅህ ጻፈው።