በዓልና ጾም ባለበት ሰሞን የስብሰባ ቀን እንዴት ይጠየቃል?

ጥያቄ፦ በየካቲት 2018 መጨረሻ ለአንድ ደንበኛችን እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ከበዓሉ በፊት ዓርብ መጋቢት 11 በ6 ሰዓት ምሳ እየበላን ብንወያይስ? ስለሚጾሙ የጾም ምግብ እናዘጋጃለን።» የመጣልኝ መልስ ደረቅ ያለ ነበር። ለማክበር ብዬ የጻፍኩት ምኑ ላይ ነው የከፋው? እንዴት ብዬ መጻፍ ነበረብኝ?

መልስ፦ ከሁሉ የከፋው «ስለሚጾሙ» የሚለው ነው። በአማርኛ «ስለ» ከግስ ጋር ሲገባ ነገሩ የታወቀና ያለቀ እንደሆነ ያስመስላል፤ «ስለዘነበ ቀረሁ» ሲባል መዝነቡን የሚጠራጠር የለም። ስለዚህ የጻፉት ግምት ደንበኛው ዘንድ ሲደርስ ስለ ሃይማኖቱ የተሰጠ ፍርድ ሆኗል። ሰውየው የሌላ እምነት ተከታይ ሊሆን ይችላል፤ በሕመም ምክንያት ጾሙን ያቋረጠ ሊሆንም ይችላል። እንደ ገመቱት ቢሆን እንኳ «ማን ነገራቸው?» ማለቱ አይቀርም። ግምቱን ከስሙ ወስደውት ከሆነ ደግሞ ስም አስተማማኝ ምስክር አይደለም። በወሎ አባትና ልጅ የክርስቲያንና የሙስሊም ስም ይዘው ማግኘት የተለመደ ነው።

«የሚጾሙ ከሆነ» ቢሉ ትንሽ ይለዝባል፤ ግን እሱም ቢሆን መልስ የሚፈልግ ጥያቄ ነው፣ ሰውየውን እምነቱን እንዲናገር ያስገድደዋል። የሚሻለው ምክንያቱን ከሰውየው ላይ አንሥቶ ቀን መቁጠሪያው ላይ መጣል ነው። «ወሩ የጾም ወቅት በመሆኑ» የሚለው ስለ ወሩ ይናገራል፤ ስለ ማንም ሰው ምንም አይልም። እውነትም ነው፦ በ2018 ዐቢይ ጾምም ረመዳንም የገቡት የካቲት ውስጥ፣ በጥቂት ቀናት ልዩነት ነበር።

ይኸው ጥንቃቄ «በዓል» ላይ ለሚቀጠለው ቅጥያም ይሠራል። «በዓልዎ» ወይም «የእናንተ በዓል» ሲባል እኛና እናንተ የሚል አጥር ይቆማል፤ «በዓላችን» ሲባል ደግሞ አንባቢው ሳይጠየቅ አብሮ ይቆጠራል። እርስዎ የመረጡት «በዓሉ» ለማንም አያደላም፤ ችግሩ የትኛው በዓል እንደሆነ አለመለየቱ ነው። ከዚያ ደብዳቤ ፊት ለፊት ኢድ አል ፈጥር ነበር፤ ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ ሚያዝያ 4 ቀን ፋሲካ ነበር። አንዱ አንባቢ ይህን፣ ሌላው ያንን ይረዳል። በዓሉን በስሙ ይጥሩት፣ ቀኑንም ይጻፉ፦ «ከፋሲካ (ሚያዝያ 4) በፊት»። በውጭ አገር ላለ ሰው ሲጽፉማ ቀኑን መጻፍ ግዴታ ነው። በዚያው ዓመት የምዕራባውያኑ ፋሲካ መጋቢት 27 ስለዋለ «ከፋሲካ ማግስት» የሚለው ቃል ብቻውን የአንድ ሳምንት ልዩነት ያመጣል።

የመረጡት ቀን ራሱም አስቸጋሪ ነው። ኢድ የሚታወቀው ጨረቃ ስትታይ ነው፤ እንደ ጨረቃዋ ሐሙስ መጋቢት 10 ወይም ዓርብ መጋቢት 11 የመዋል ዕድል ነበረው። እንዲህ ባለ ጊዜ ሁለቱንም ቀን መተው ነው። ኢድ ባይሆን እንኳ ዓርብ በ6 ሰዓት የጁምዓ ሶላት ሰዓት ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የዓርብ ምሳ ዕረፍት ከ5፡30 እስከ 7፡30 የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በዐቢይ ጾም ደግሞ ብዙ ምእመናን እኩለ ቀን ላይ ቅዳሴ ይገባሉ፤ ሰባትም ዘጠኝም ሰዓት ድረስ እህል የማይቀምሱ አሉ። አመሻሽ ላይ ቢያደርጉት ኢፍጣር ይደርሳል። ሁለቱ ጾሞች በተገጣጠሙበት ወር ለሁሉም የሚቀለው ጠዋት፣ ከ3፡00 እስከ 5፡00 ያለው ጊዜ ነው።

«የጾም ምግብ እናዘጋጃለን» የሚለው ቸርነት ነው፤ ግን ጾም ማለት ሥጋና ወተት መተው ብቻ ነው ከሚል ሐሳብ የወጣ ነው። በረመዳን ቀኑን ሙሉ ውኃም አይጠጣም፤ ሽሮ መሆኑ ምንም አይለውጥም። የዐቢይ ጾም ጿሚውም ቢሆን ከመብል ዓይነት በፊት ሰዓቱን ይጠብቃል። በዚህ ሰሞን «ምሳ እየበላን» ብቻ ሳይሆን በልማድ የምንጽፈውን «ሻይ ቡና እያልን» እንኳ ከግብዣው ማውጣት ይሻላል። ቡና መቅረቡ ነውር አይደለም። ጥሪው ውስጥ ሲጻፍ ግን የማይጠጣው ሰው ገና ሳይመጣ ሰበብ መፈለግ ይጀምራል።

ደብዳቤውን እኔ ብጽፈው እንዲህ ይሆን ነበር፦

«ስለ ውሉ ለመወያየት አንድ ሰዓት ያህል ጊዜ ቢሰጡን ደስ ይለናል። ኢድ አል ፈጥር መጋቢት 10 ወይም 11 ሊውል ስለሚችል ሁለቱን ቀናት ትተናል። ማክሰኞ መጋቢት 8 ወይም ሰኞ መጋቢት 14፣ ከጠዋቱ 3፡30 ይመችዎታል? ካልተመቸዎት የሚመርጡትን ቀንና ሰዓት ቢጠቁሙን በዚያው እናስተካክላለን።»

እዚህ ውስጥ ኢድ የተጠቀሰው የሁለት ቀን ክፍተት ለምን እንደመጣ ለማስረዳት ነው፤ ደንበኛው ያክብር አያክብር አልተነካም። ከኢድ በፊትም በኋላም አንድ አንድ ቀን መቅረቡ ዝግጅት ያለበትም ጉዞ ያለበትም እንዲመርጥ ያደርገዋል። ዕለቱና ቀኑ አብረው መጻፋቸው «በሚቀጥለው ማክሰኞ» ከሚለው ይሻላል፤ እሱ ለአንዱ ይህ ሳምንት፣ ለሌላው የሚመጣው ነው። «ከጠዋቱ» የሚለውም አይቅር፤ በእኛ አቆጣጠርና በስልኩ ሰዓት መካከል ያለው የስድስት ሰዓት ልዩነት ብዙ ቀጠሮ አበላሽቷል። አጻጻፉን ካነሣን አይቀር «ይመቾታል» የሚለው የአፍ አነጋገር ነው፤ በደብዳቤ «ይመችዎታል» ይጻፍ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለብሔራዊ በዓላት አያስፈልግም። የካቲት 23 ዓድዋ ነው፣ ሁሉም ቤት ዝግ ነው፤ «የካቲት 23 በዓል ስለሆነ በማግሥቱ» ቢሉ የሚከፋው የለም።

«እንኳን አደረሰዎ» ግን ቦታ ይፈልጋል። በጥያቄው ደብዳቤ ውስጥ ከገባ መልሶ ያንኑ ግምት ያመጣል፣ ከዚያም አልፎ ለልመና የተቀባ ማር ይመስላል። ደንበኛው ራሱ «ለኢድ አገር ቤት እሄዳለሁ» ብሎ ከጻፈልዎ ያኔ ይበሉት፤ «ኢድ ሙባረክ» ማለትም ያምራል። ምክንያት ሳይጠቅስ «ሰኞ አይመቸኝም» ካለ ደግሞ «ጾም ሆኖ ነው?» ብለው አይከተሉት። «እሺ፣ ማክሰኞ መጋቢት 15 በዚያው ሰዓትስ?» ይበቃል።